ተሠርቶ ያለቀ ቤትን በሜትርና በሌዘር ለክቶ አስቢልት ፕላን ማውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌዎቹ በሙሉ ስለ አንድ ዓይነት ቤት ናቸው፦ አዲስ አበባ አሮጌ ሰፈር ውስጥ እንደሚገኝ፣ ሳሎንና መኝታ ቤት ጎን ለጎን ያሉት ጭቃ ቤት።

አስቢልት ፕላን ምንድን ነው? የድሮ ፕላን ካለኝስ ለምን እንደገና እለካለሁ?

አስቢልት ቤቱ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ፕላን ነው። ሊሠራ ታስቦ የነበረውን አያሳይም። ለፈቃድ የገባው ፕላንና መሬት ላይ የቆመው ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ግንበኛው መስኮት አዛውሮ ይሆናል። ባለቤቱ በረንዳውን ዘግቶ ክፍል አድርጎት ይሆናል። በልስን ላይ ሌላ ልስን ተደርቦ ግድግዳው ወፍሮ ይሆናል። ጭቃ ቤት ከሆነ ጭራሹን ፕላን ኖሮት አያውቅም።

የድሮ ፕላን ካላችሁ አትጣሉት፤ የክፍሎቹን አቀማመጥ ቶሎ ለመረዳት ይጠቅማል። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ልክ አትውሰዱ። ፎቶ ኮፒ ሲደረግ መጠኑ ይለወጣል። የተጻፈውንም ቁጥር ቢሆን ቤቱ ላይ ለክታችሁ ሳታረጋግጡ ወደ አዲሱ ፕላን አታስገቡ።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

ባለ 5 ሜትር ብረት ሜትር፣ ባለ 30 ሜትር ረጅም ሜትር፣ ሌዘር ሜትር፣ ቱምቢ፣ ሲባጎ፣ እና ውሃ የሚሞላበት ግልጽ ላስቲክ ቱቦ። ከወረቀት ኤ3 ይሻላል። ኤ4 ላይ ቁጥሮቹ ይጨናነቁና ማታ ቁጭ ብላችሁ ስትስሉ 3 ይሁን 8 አይለይም። ወረቀቱን የምታስደግፉበት ጠንካራ ሰሌዳና ቢያንስ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ያዙ፤ በአንዱ ቤቱን ትነድፋላችሁ፣ በሌላው ልኩን ትጽፋላችሁ። የእጅ ባትሪም አትርሱ፤ ከአልጋና ከቁምሳጥን ጀርባ ያለው ጥግ ጨለማ ነው።

ሌዘር ካለኝ ሜትር ለምን ያስፈልገኛል?

ሁለቱ የሚጎብዙበት ቦታ ስለሚለያይ ነው። ሌዘር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ላለ ባዶ ርቀት ተወዳዳሪ የለውም። ደህና የሚባለው መሣሪያ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ቢሳሳት ነው፤ ይህም በ10 ሜትር ርቀት እንኳ አይብስበትም። ሜትር በዚያ ርቀት ላይ መሃሉ ይረግባል፣ ያዥም ይፈልጋል። የረገበ ሜትር ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ርቀት የበለጠ ቁጥር ነው የሚሰጠው።

ሜትር የሚያስፈልገው ሌዘሩ የሚያርፍበት ነገር ሲጠፋ ነው። የግድግዳ ውፍረት፣ የመቃን ስፋት፣ የመስኮት ጥልቀት፣ የውጭ ግድግዳ ርዝመት ሁሉ በሜትር ይሻላሉ። የውጭ ግድግዳ መጨረሻው ላይ አየር ብቻ ነው ያለው፤ ሌዘሩ የሚመታው ግድግዳ የለም። ሰሌዳ አስደግፋችሁ ብትሞክሩም በቀትር ፀሐይ ቀይዋ ነጥብ አትታይም።

ስለ ሜትር ብዙ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ። ጫፉ ላይ ያለችው ብረት ትንቀሳቀሳለች፤ ያ ብልሽት አይደለም። ሆን ተብሎ የተሠራው በራሷ ውፍረት ልክ እንድትንሸራተት ነው። ስታንጠለጥሏት ወደ ውጭ ትሄዳለች፣ ግድግዳ ላይ ስትገፏት ወደ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ በሁለቱም መንገድ ዜሮው ልክ ነው። መዶሻ አንስታችሁ እንዳታጠብቋት።

ከየት ልጀምር?

ከመንደፍ። ሜትሩን ከኪስ ሳታወጡ ቤቱን አንድ ጊዜ ዙሩ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል በእጅ ንደፉ። ንድፉ በስኬል መሆን የለበትም፤ ግን ትልቅ ይሁን። በርና መስኮት፣ የግድግዳ እጥፋት፣ የወጣ ያበጠ ነገር ሁሉ ይግባበት። ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ ወረቀት፣ ለጠቅላላው ቤት ደግሞ አንድ ወረቀት ይኑራችሁ።

ለክፍሎቹ ቁጥር፣ ለጥጎቹ ፊደል ስጡ። የመኝታ ቤቱን ጥጎች ከፊት ለፊት ግራ ጥግ ጀምራችሁ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በሏቸው። «ሀ-ሐ 5.58» ተብሎ የተጻፈ ልክ ከሳምንት በኋላም ይገባል። እንዲሁ «5.58» ብቻ ከሆነ ግን የቱ እንደነበረ ማን ያውቃል?

ግድግዳው ላይ በርና መስኮት ሲበዛ እንዴት ልለካ?

ቁርጥራጩን ለየብቻ አትለኩ። ሜትሩን ከጥግ ዘርጉና ዜሮውን ሳትነቅሉ እስከ መጨረሻው አንብቡ። የሳሎናችን የፊት ግድግዳ እንዲህ ይነበባል፦ 0፣ 0.71፣ 1.91፣ 2.66፣ 3.56፣ 4.92። መስኮቱ ከ0.71 እስከ 1.91 ነው፤ ስፋቱ 1.20 መሆኑን በኋላ በመቀነስ ታገኙታላችሁ። በሩ ደግሞ ከ2.66 እስከ 3.56 ነው።

እንዲህ የሚደረግበት ምክንያት ስህተት እንዳይጠራቀም ነው። አምስቱን ቁራጭ ለየብቻ ለክታችሁ በእያንዳንዱ ላይ 3 ሚሊ ብትስቱ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካደላ መጨረሻው ጥግ ላይ 1.5 ሴንቲ ይጎድላል ወይም ይተርፋል። ከአንድ ዜሮ ሲነበብ ግን የአንዱ ስህተት ወደ ሌላው አይተላለፍም። በተጨማሪ ያንኑ ግድግዳ አንድ ጊዜ በሌዘር ከጥግ እስከ ጥግ ለኩት። የሜትሩ መጨረሻ 4.92 ሆኖ ሌዘሩ 4.82 ካለ፣ 10 ሴንቲ አሳስታችሁ አንብባችኋል ማለት ነው። በጣም የተለመደ ስህተት ነው። እዚያው ቆማችሁ ካገኛችሁት ግን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከወለል ምን ያህል ከፍ ብዬ ልለካ?

ፕላን ማለት ቤቱን በአግድም ቆርጦ ከላይ ማየት ነው። የተለመደው መቁረጫ ከወለል 1.20 አካባቢ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ አብዛኛው መስኮት ይገኛል። እናንተም በዚያው ከፍታ ለኩ፤ ከክፍል ክፍልም አትለዋውጡ። ወለሉ ጋ ዞኮሎ አለ፣ ግድግዳውም ታች ላይ ብዙ ጊዜ ይወፍራል። አንዱን ክፍል ታች፣ ሌላውን ደረት ላይ ከለካችሁ ሁለቱ አይገጥሙም።

አራቱን ግድግዳ ለክቻለሁ። ሰያፉን መለካት ለምን ያስፈልጋል?

አራት ጎን የክፍሉን ቅርጽ አይወስንም። ጎኖቹ ሳይለወጡ ክፍሉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሊያጋድል ይችላል። ሦስት ጎን ግን እንዲህ አይሆንም፤ የሦስቱ ርዝመት ከታወቀ ቅርጹ አንድ ብቻ ነው። ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ስትለኩ ሁለት ባለ ሦስት ጎን ቅርጾች አድርጋችሁ ከፈላችሁት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ መላወስ የለም። ከዚህ ሥራ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

መኝታ ቤቱን እንየው። የፊቱ ግድግዳ ሀ-ለ 4.20፣ የቀኙ ለ-ሐ 3.60፣ የኋላው ሐ-መ 4.26፣ የግራው መ-ሀ 3.55 ነው። ዓይን ሲያየው «4.20 በ3.60 የሆነ ቀጥ ያለ ክፍል» ይላል። እንዲያ ቢሆን ሰያፉ 5.53 ይመጣ ነበር። ሀ-ሐ ሲለካ ግን 5.58 ሆነ። ተሰልቶ ሲታይ ጥግ ሐ መሆን ከሚገባው ቦታ ከ6 ሴንቲ በላይ ወደ ቀኝ ሄዷል፤ የ«ለ» ጥግም 90 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ ወደ 91 ተጠግቷል። አንድ ዲግሪ ቀላል ይመስላል። ግን እዚያ ጥግ ላይ 60 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ቁምሳጥን ብታስገቡ፣ ከጎኑ አንድ ሴንቲ የሚሆን ክፍተት እየሰፋ ይታያችኋል። አናጺው ያኔ የሚወቅሰው ፕላኑን ነው።

ሁለተኛው ሰያፍ ለ-መ ለመሳል አያስፈልግም፤ የሚለካው ለማረጋገጫ ነው። በእነዚህ ልኮች መሠረት 5.50 መምጣት አለበት። 5.50 ወይም በጥቂት ሚሊ የሚለይ ከሆነ ስድስቱም ልኮች እርስ በርስ ተመሰካከሩ። 5.54 ከሆነ ግን ከስድስቱ አንዱ ተሳስቷል፤ ከቤቱ ሳትወጡ ፈልጉት።

ሰያፉን በሌዘር ስለካ ቁጥሩ በየጊዜው ይለያያል። ምን ልሥራ?

ጥግ ውስጥ መሣሪያው በደንብ አይቀመጥም። ጀርባው ሰፊ ስለሆነ ከጥጉ ትንሽ ርቆ ይቀራል። ለዚህ ሲባል ብዙ ሌዘሮች ከጀርባቸው የሚዘረጋ ትንሽ ጫፍ አላቸው። እሱን ዘርግታችሁ ጥጉ ውስጥ አስገቡ፤ መሣሪያው ከዚያ ጫፍ እንዲቆጥር መስተካከሉንም ስክሪኑ ላይ እዩ። አንዳንዱ በራሱ ያውቃል፣ ርካሹ ግን በእጅ መቀየር ይፈልጋል።

ከዚያ በማያቋርጥ መለኪያ ላይ አድርጉትና ነጥቧን ተቃራኒው ጥግ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሷት። በሰያፍ ሲለካ ትልቁን ቁጥር ውሰዱ፤ ጥጉ ከሁሉም የራቀው ቦታ ነውና። ከግድግዳ እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ሲለካ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ትንሹ ቁጥር ነው ትክክለኛው። እዚህ ትንሽ መሳት ብዙ አይጎዳም። 5 ሜትር ላይ ነጥቧ 10 ሴንቲ ወደ ጎን ብትሄድ ስህተቱ 1 ሚሊ ብቻ ነው። 30 ሴንቲ ከሄደች ግን 9 ሚሊ ይደርሳል።

ሌዘሩ የማይመስል ቁጥር ሰጠኝ። ተበላሽቶ ይሆን?

ሁሉም ልኮች በእኩል 10 ወይም 12 ሴንቲ ካጠሩ ወይም ከረዘሙ፣ አልተበላሸም። የሚቆጥርበት ጫፍ ተቀይሯል። መሣሪያው ከጀርባው ወይም ከፊቱ መቁጠር ይችላል፤ ልዩነቱ የራሱ የሰውነት ርዝመት ነው። አንዱን ቁልፍ ሳታስቡት ነክታችሁ ይሆናል። ስለዚህ ሥራ ስትጀምሩ፣ ከምሳ ስትመለሱ፣ ባትሪም ስትቀይሩ አንድ የታወቀ ርቀት በሜትርም በሌዘርም ለኩ። የበሩ ስፋት ይበቃል።

ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ካበደ ግን ነጥቧ ምን ላይ እንዳረፈች ሂዱና እዩ። መስታወት ላይ ከሆነ ጨረሩ አልፎ ውጭ ያለውን አጥር ሊለካ ይችላል። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክም ያሳስታል። ነጥቧ ግማሿ የቁምሳጥን ጠርዝ ላይ፣ ግማሿ ግድግዳ ላይ ከሆነችም ቁጥሩ አይታመንም። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ነጭ ካርቶን እዚያ ቦታ ላይ አስደግፉና እንደገና ለኩ። ደግሞ ጨረሩን ወደ ሰው ዓይን አታዙሩ፤ ልጆች ነጥቧን ለማየት ይሯሯጣሉና ቤት ውስጥ ካሉ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ወለሉ ወይም ኮርኒሱ የተዳፋ ይመስለኛል። የቱ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ከወለል እስከ ኮርኒስ ብቻ በመለካት አይታወቅም። የሳሎኑ አራት ጥጎች 2.62፣ 2.63፣ 2.65 እና 2.66 ቢመጡ፣ ወለሉ ሰምጦ ይሁን ኮርኒሱ ወደ ላይ ሄዶ ቁጥሩ አይናገርም።

ላስቲክ ቱቦውን ውሃ ሙሉበት፤ ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይቀር ተጠንቀቁ፣ አረፋ ካለ ውሃው ይዋሻል። በሩ ደፍ ላይ 1.00 ከፍታ ምልክት አድርጉ። የቱቦውን አንድ ጫፍ እዚያ ያዙ፣ ሌላውን እያንዳንዱ ጥግ ላይ ውሰዱ። ውሃው የቆመበት ሁሉ አንድ ከፍታ ነው፤ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ከምልክቱ ወደ ታች፣ ከምልክቱም ወደ ላይ ለየብቻ ለኩ። ወደ ታች 1.00፣ 1.01፣ 1.03፣ 1.04 ሆኖ ወደ ላይ በሁሉም 1.62 ከመጣ ነገሩ ለየለት፦ ኮርኒሱ ደህና ነው፣ ወለሉ 4 ሴንቲ ወርዷል። አዲስ ሴራሚክ ሊነጠፍ ከታሰበ ይህ 4 ሴንቲ ዋጋ አለው፤ ስንት ሲሚንቶና አሸዋ እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው።

ያንኑ መስመር ወደ መኝታ ቤቱም፣ ወደ በረንዳውም ውሰዱት። የክፍሎቹ ወለል ልዩነት፣ የመስኮት ደፍና የበር ጉበን ከፍታ ሁሉ ከአንድ መስመር ከተለካ፣ በኋላ የቤቱን ቁራጭ፣ ማለትም ቤቱ ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ የሚታይበትን ስዕል፣ እና ፊቱን ለመሳል አትቸገሩም።

ግድግዳው ሆድ አውጥቷል፣ ያዘነበለም ይመስላል። ይህን በፕላን ላይ እንዴት አሳያለሁ?

ለሆዱ ሲባጎ ዘርጉ። ከጥግ እስከ ጥግ ብቻ ከወጠራችሁት ግን ሲባጎው ሆዱን ይነካና ይታጠፋል። ስለዚህ ሁለቱም ጫፍ ላይ እኩል 5 ሴንቲ የሆነ እንጨት ከስሩ አስገቡ። አሁን ሲባጎው ከግድግዳው ርቆ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በየ50 ሴንቲው ከሲባጎው እስከ ግድግዳው ለኩ። 5 የሚልበት ቦታ ግድግዳው ልክ ነው፤ 2 የሚልበት ቦታ 3 ሴንቲ ወጥቷል።

ለመዘንበሉ ቱምቢ ከላይ አንጠልጥሉ፤ ከክሩ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ከላይ፣ 1.20 ላይና ከታች ለኩ። ፕላኑ ላይ የሚሳለው 1.20 ላይ ያለው ነው። ያዘነበለው ደግሞ በቁራጩ ላይ ይሳላል፤ ፕላኑ ላይ «ግድግዳው ወደ ውጭ ይህን ያህል ያዘነብላል» ብላችሁ መጻፉ ይበቃል። ጥቂት ሚሊ የሚሆነውን የልስን ጉብታ ሁሉ ግን አታሳድዱ፤ ጭቃ ግድግዳ ላይ ማለቂያ የለውም።

ምን ያህል ልክ መሆን አለበት?

በ1:100 ወረቀት ላይ ሩብ ሚሊ የሆነ መስመር ራሱ 2.5 ሴንቲ ያህል ይሸፍናል፤ በ1:50 ደግሞ ከ1 ሴንቲ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ እንደዚህ ባለ ቤት የክፍሉን ጎን በ5 ሚሊ፣ የጠቅላላውን ቤት ርዝመት በ1 ወይም በ2 ሴንቲ ማወቅ ለእድሳትና ለፈቃድ ሥራ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ቁምሳጥን ወይም መስኮት የሚያሠራ ሰው ግን ከፕላን ላይ አይሥራ፤ ያንን ቦታ ራሱ በሚሊ ይለካ።

ይህ ማለት ግን ቤቱ ውስጥ ሆናችሁ ቁጥር አጠጋጉ ማለት አይደለም። ያነበባችሁትን እንዳለ ጻፉ። 3.597ን «3.60 ነው እንግዲህ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ በኋላ ልኮቹ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ልዩነቱ የቤቱ ይሁን የእናንተ መለየት አትችሉም።

አውቶካድ ላይ ያጋደለውን ክፍል እንዴት ነው የምስለው?

በክብ። አንድ ግድግዳ ትስላላችሁ፣ ከዚያ ከሁለቱ ጫፎች በተለካው ርቀት ክብ ታዞራላችሁ። ክቦቹ የሚቆራረጡበት ቦታ ጥጉ ነው። ለመኝታ ቤቱ እንዲህ ነው፣ ሀ በ0,0 ላይ ሆኖ፦

```
LINE 0,0 4.2,0
CIRCLE 0,0 5.58
CIRCLE 4.2,0 3.6
CIRCLE 0,0 3.55
```

ከ`LINE` በኋላ አንድ ተጨማሪ ኢንተር ተጫኑና ትዕዛዙን ዝጉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመር የሠሯቸው ክቦች ከላይ የሚገናኙበት ነጥብ ሐ ነው። ከዚያ ሐ ላይ ሆናችሁ 4.26 የሆነ ክብ አዙሩ፤ የ3.55ቱን ክብ በግራ በኩል የሚቆርጥበት ቦታ መ ነው። ነጥቦቹን በመስመር አገናኙና ክቦቹን አጥፉ። በመጨረሻ `DIST` ብላችሁ ከለ እስከ መ ለኩ። ቤቱ ውስጥ የጻፋችሁት 5.50 ከመጣ ክፍሉ ተዘጋ።

ልኩ ባይመጣ `ORTHO` ከፍታችሁ ግድግዳውን ቀጥ ለማድረግ አትፈተኑ። ፕላኑ ያምራል፣ ቤቱ ግን አይደለም።

ክፍሎቹ ለየብቻ ገጥመዋል፤ ሲደመሩ ግን ከውጩ ልክ ጋር አይገጥሙም። ስህተቱ የት ነው?

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የግድግዳ ውፍረት ነው። የቤታችንን የፊት ለፊት መስመር እንደምር። የግራ ግድግዳ 0.24፣ መኝታ ቤት 4.20፣ የመሃል ግድግዳ 0.20፣ ሳሎን 4.92፣ የቀኝ ግድግዳ 0.24። ድምሩ 9.80 ነው። ውጭ በረጅሙ ሜትር ሲለካ ግን 9.84 መጣ። 4 ሴንቲ ጠፍቷል።

በግምት ከማካፈል በፊት አንድ ተጨማሪ ልክ ውሰዱ። በመሃል ግድግዳው ላይ፣ ለፊቱ ግድግዳ ቀረብ ብሎ፣ መኝታ ቤቱን ከሳሎኑ የሚያገናኝ በር አለ። በሩን ከፍታችሁ፣ ሌዘሩን የሳሎኑ ዳር ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ በበሩ አሳልፉትና የመኝታ ቤቱን ዳር ግድግዳ ምቱ። 9.36 አለ። ሁለቱን ክፍል፣ 4.20ንና 4.92ን፣ ስትቀንሱ 0.24 ይቀራል። የመሃል ግድግዳው 20 ሳይሆን 24 ሴንቲ ነው። 9.36 ላይ ሁለቱን የውጭ ግድግዳ ስትጨምሩም 9.84 ይሞላል፤ ስለዚህ የዳሮቹ ውፍረት ትክክል ነበር።

20 ከየት መጣ? የተለካው መቃኑ ነበር። ልስን በተደረበበት አሮጌ ቤት ውስጥ ግድግዳው ከመቃኑ በሁለቱም በኩል 2 ሴንቲ ወደ ውጭ ያልፋል። በሩ ጋ ልስኑ ወደ መቃኑ እየሳሳ ስለሚወርድ አይታወቅም። መቃን ባለበት ሁሉ የግድግዳን ውፍረት ከመቃኑ አትውሰዱ፤ ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች በግድግዳው ግራና ቀኝ አስደግፋችሁ በበሩ ክፍተት በኩል በመካከላቸው ያለውን ለኩ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የምትደምሯቸው ልኮች ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ይሁኑ። የመኝታ ቤቱ ፊት 4.20፣ ጀርባው 4.26 ነው። የጀርባውን ይዛችሁ ከፊት ለፊቱ የውጭ ልክ ጋር ብታስተያዩ፣ ሌላ 6 ሴንቲ የሌለ ስህተት ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

መግባት ያልቻልኩበት ክፍልና ከጎረቤት ጋር የምጋራው ግድግዳስ?

ያላያችሁትን እንዳያችሁት አድርጋችሁ አትሳሉ። የተቆለፈ ክፍል ከሆነ፣ በዙሪያው ካሉት ልኮች ቀንሳችሁ የምታገኙትን ቦታ በተቆራረጠ መስመር ሳሉና «አልተለካም» ብላችሁ ጻፉበት። የጎረቤት ግድግዳ ላይ ውስጠኛው ፊት ብቻ ነው በእጃችሁ ያለው። ውፍረቱ የሚገኘው ጎረቤት ካስገባችሁ ነው፤ ካላስገባችሁ በእናንተ በኩል ያለውን ፊት በሙሉ መስመር፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን በተቆራረጠ መስመር አሳዩ። አንዳንዴ ግድግዳው ከጣሪያው በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ መሰላል ላይ ወጥታችሁ ራሱን ብትለኩት ግምት ይሰጣችኋል። ግን የላይኛው ከታችኛው ሊቀጥን ስለሚችል እዚያም «ከላይ የተለካ» በሉት።

ሜትርና ሌዘር የማይበቁት መቼ ነው?

ቀጥ ያለ ፊት ሲጠፋ ነው። ከአለት የተፈለፈሉትን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አስቡ፤ ግድግዳው፣ ዓምዱና ጣሪያው አንድ ድንጋይ ነው፣ ከጥግ ጥግ የሚወጠር ሲባጎም ቅርጹን አይነግራችሁም። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ዛማኒ ፕሮጀክት እነዚያን ቤተ ክርስቲያኖች የመዘገበው እልፍ አእላፍ ነጥቦችን በሚያነሳ ሌዘር ስካነር ነው። ሦስትና አራት ፎቅ ያለው፣ ግድግዳዎቹ ከፎቅ ፎቅ የማይደራረቡ ሕንፃም ቢሆን ቀያሽ ቶታል ስቴሽን በሚባለው የቅየሳ መሣሪያ ጥቂት ቋሚ ነጥቦችን ቢያስቀምጥለት ይሻላል። ክፍሎቹን ግን ያኔም በሜትርና በሌዘር ለክታችሁ በእነዚያ ነጥቦች ላይ ማሰር ትችላላችሁ።

እንደ ምሳሌያችን ላለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ስካነር መከራየት አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሰያፍ፣ በበሩ የሚያልፍ አንድ ረጅም ልክ፣ ዙሪያውን የውጭ ልክ፣ እና የውሃው መስመር ካላችሁ ፕላኑ ይዘጋል። እያንዳንዱን ግድግዳ ፊት ለፊት ቆማችሁ ፎቶ አንሱ፤ ማታ ስትስሉ «ይህ ማብሪያ ማጥፊያ በየት በኩል ነበር?» ለሚለው መልሱ ያለው እዚያ ነው። የነደፋችሁበትን ወረቀትም ፕላኑ ካለቀ በኋላ አትጣሉት። ከስድስት ወር በኋላ ኮንትራክተሩ አንድ ቁጥር ሲጠይቃችሁ፣ ያ ቁጥር የተለካ ይሁን የተሰላ የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው።